በሥራ አስኪያጅ ስም የሚወጣ ደብዳቤ፦ ማን ይፈርመው? በማን አንደበት ይጻፍ?

ደብዳቤ እንዲያረቅ የታዘዘ የቢሮ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው የቆየ ደብዳቤ ነው። ከፋይል አንድ ተመሳሳይ ያወጣል፣ ቀኑንና የተቀባዩን ስም ይለውጣል፣ ከዚያም ወደ ፍሬ ነገሩ ይገባል። አዳማ ውስጥ በግል ድርጅቶች ጽሕፈት ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። በዚህ መንገድ የተዘጋጁ ደብዳቤዎች ሲበላሹ ያየሁት ግን በቅርጽ ሳይሆን በአንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ምክንያት ነው፤ ይኸውም በወረቀቱ ላይ የሚናገረው ማን ነው የሚለው ነው። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው የሚፈርሙት ደብዳቤ፣ ሌላ ኃላፊ ስለ እርሳቸው የሚፈርመው ደብዳቤና ጸሐፊዋ በታዘዘችው መሠረት በራሷ ስም የምትጽፈው ደብዳቤ ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። አቀማመጡ፣ የቃላቱ ክብደትና መዝጊያው የሚወሰኑት ከሦስቱ አንዱ ከተመረጠ በኋላ ነው።

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዳማ የሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም ከአንድ አዲስ አበባ ካለ አምራች ጋር 30,000 ባዶ ጆንያ፣ አንዱን በ42 ብር፣ በጠቅላላው በ1,260,000 ብር ለመግዛት ተዋውሏል እንበል። ከዋጋው 30 በመቶ፣ ማለትም 378,000 ብር፣ በቅድሚያ ተከፍሏል፤ ርክክቡም እስከ ጥር 20 ቀን እንዲጠናቀቅ ስምምነት ተደርጓል። ቀኑ ሲያልፍ የገባው ጆንያ 12,000 ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ናቸው፤ የካቲት 3 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ በስልክ «ማስጠንቀቂያ ዛሬውኑ ይውጣ» ይላሉ። አርቃቂው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት መጠየቅ ያለበት «ደብዳቤውን ማን ይፈርመዋል?» ብሎ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው የሚፈርሙት

ለማስጠንቀቂያ፣ ለውል ማቋረጫ፣ ለባንክ ለሚላክና ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ማንኛውም ደብዳቤ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ግማሽ ቀን መጠበቅ ቢያስፈልግም እንኳ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በንግድ ምዝገባው ላይ የሥራ አስኪያጅነት ኃላፊነት የተሰጣቸው እርሳቸው በመሆናቸው፣ ተቀባዩ ስለ ፈራሚው ሥልጣን የሚያነሣው ጥያቄ አይኖርም። አርቃቂው በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ፈጽሞ አይታይም። «ሥራ አስኪያጃችን እንደገለጹት» የሚል ሐረግ ከገባ ደብዳቤው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ብሎ አይፈርምምና።

ለምሳሌያችን የሚሆነው ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

ቁጥር፡ __________
ቀን፡ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም

ለ__________ የጆንያ አምራች ድርጅት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- ያልተረከብነውን 18,000 ጆንያ ይመለከታል

ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም በተፈራረምነው የሽያጭ ውል መሠረት ድርጅታችሁ 30,000 ባዶ ጆንያ እስከ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም ድረስ አዳማ በሚገኘው መጋዘናችን ለማስረከብ መስማማቱ፣ እኛም 378,000 ብር በቅድሚያ መክፈላችን ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ ያስረከባችሁን 12,000 ጆንያ ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው 18,000 ጆንያ አልደረሰንም።

ስለሆነም ቀሪውን 18,000 ጆንያ እስከ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም ከቀኑ 11፡30 ሰዓት ድረስ እንድታስረክቡን፣ ይህ ካልሆነ ግን በውሉና በሕግ የተጠበቀልንን መብት የምንጠቀም መሆኑን እናስጠነቅቃለን።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማና ማኅተም)
(ሙሉ ስም)
ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፡-
ለሂሳብ ክፍል
ለመጋዘን
አዳማ

ደብዳቤው በሦስት ማጠፊያዎች ላይ የቆመ መሆኑን ልብ ይሏል። የመጀመሪያው አንቀጽ በ«ይታወቃል» ይዘጋል፤ በዚህ ውስጥ የሚገባው ሁለቱም ወገኖች የማይከራከሩበት ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛው በ«ይሁን እንጂ» ይከፈትና የጎደለውን ይናገራል። ሦስተኛው በ«ስለሆነም» ይነሣና የሚፈለገውን ነገር ከነመጠኑና ከነቀኑ ያስቀምጣል። ይህ አሠራር የዘልማድ ብቻ ሳይሆን ለክርክርም የሚበጅ ነው። «ይታወቃል» በሚለው አንቀጽ ውስጥ አከራካሪ ነገር፣ ለምሳሌ «ሆን ብላችሁ ማዘግየታችሁ ይታወቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከገባ፣ ተቀባዩ መልሱን የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ስለ 18,000ው ጆንያ የሚወራው ነገርም ወደ ኋላ ይቀራል።

ቀን መቁረጡም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 አንድ ተዋዋይ ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ መብቱን ከመጠየቁ በፊት እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ሕጉ ራሱ ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች የዘረዘረ ቢሆንም፣ አርቃቂው በእነርሱ ላይ ተማምኖ ደብዳቤውን መተው የለበትም። ቁጥር 1774 ደግሞ አስጠንቃቂው የጊዜ ገደብ ሊወስን እንደሚችል ይናገራል፤ ገደቡም እንደ ጉዳዩ ጠባይ ተገቢ መሆን ይኖርበታል። «በአስቸኳይ እንድታስረክቡ» የሚለው ሐረግ ጠንካራ ቢመስልም ቀን የሌለው በመሆኑ ከ«እስከ የካቲት 14 ቀን» ይልቅ ደካማ ነው። የካቲት 14ን የመረጥኩት ዓርብ በመሆኑ ነው፤ ገደቡ እሑድ ወይም በዓል ላይ ሲወድቅ ተቀባዩ «መጋዘናችሁ ዝግ ነበር» የሚል ምክንያት ያገኛል።

«ስለ ሥራ አስኪያጁ» ተብሎ የሚፈረመው

ሥራ አስኪያጁ በሌሉበትና ጉዳዩ ጊዜ በማይሰጥበት ጊዜ የሚመረጠው ይህ ነው። ደብዳቤው የሚናገረው አሁንም በድርጅቱ ስም ስለሆነ ዋናው አካል አንድ ቃል አይለወጥም፤ «መጋዘናችን»፣ «አልደረሰንም»፣ «እናስጠነቅቃለን» እንዳሉ ይቆያሉ። የሚለወጠው ከ«ከሰላምታ ጋር» በታች ያለው ነው፦

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማና ማኅተም)
ስለ ሥራ አስኪያጁ
(የፈራሚው ሙሉ ስም)
የፋይናንስና አስተዳደር ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፡-
ለሥራ አስኪያጅ
ለሂሳብ ክፍል
ለመጋዘን
አዳማ

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ከመጀመሪያው ይለያሉ። አንደኛ፣ የሚጻፈው ስም በትክክል የፈረመው ሰው ስም ነው፤ የሥራ አስኪያጁ ቲተር በዚህ ወረቀት ላይ አያርፍም። ሁለተኛ፣ በግልባጩ ዝርዝር ሥራ አስኪያጁ ቀዳሚውን ቦታ ይይዛሉ፤ በስማቸው ምን እንደወጣ ሲመለሱ ከጠረጴዛቸው ላይ ሊያገኙት ይገባልና። እርሳቸው በፈረሙት ደብዳቤ ግን ለራሳቸው ግልባጭ ማድረግ ትርጉም የለውም።

በአንድ ወቅት በሠራሁበት ቦታ ይህ ሳይጠበቅ የወጣ ደብዳቤ ያስከተለውን ጣጣ በቅርብ አይቻለሁ። ኃላፊው ፈረመ፣ ከፊርማው ሥር ግን የሥራ አስኪያጁ ቲተር ተመታ፣ «ስለ» የሚል ቃል አልነበረበትም። ተቀባዩ የሥራ አስኪያጁን ትክክለኛ ፊርማ ከውሉ ላይ ያውቀው ስለነበር ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ «ይህ ማስጠንቀቂያ የማን ነው?» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ መለሰ። ደብዳቤው እንደገና ተጽፎ፣ ቀኑም ከአዲስ ተቆጥሮ፣ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ሐሳቡም፣ አማርኛውም፣ ቁጥሮቹም ትክክል ነበሩ።

ውክልናው ራሱ በጽሑፍ መኖር አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2189 ወኪል በሥልጣኑ ልክ በሌላው ስም ያደረገው ነገር ወካዩ ራሱ እንዳደረገው እንደሚቆጠር ይደነግጋል፤ በቁጥር 2190 ደግሞ ያለ ሥልጣን የተደረገውን ወካዩ ሊያጸድቀው ወይም ሊሽረው እንደሚችል ያስቀምጣል። ጥንቃቄው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ሲሆን፣ ዕዳ መሰብሰብ በቁጥር 2204 ከአስተዳደር ሥራ ይመደባል። ስለዚህ ተወካዩ «ቀሪውን አስረክቡን፣ የሚፈለግባችሁን ክፈሉን» ብሎ መጻፍ አይከብደውም። ነገር ግን በዚያው ደብዳቤ «ቀሪውን ጆንያ በግማሽ ዋጋ ብትሰጡን ጉዳዩን በዕርቅ እንጨርሳለን» ብሎ ቢጨምር ድንበሩን አልፏል፤ መታረቅ፣ ክስ መመሥረትና የመሳሰሉት በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና የሚጠይቁ ናቸውና። አርቃቂው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያይ ደብዳቤውን ወደ መጀመሪያው መንገድ መመለስና የሥራ አስኪያጁን ፊርማ መጠበቅ አለበት።

ሥራ አስኪያጁ ለረጅም ጊዜ ከሥራ ገበታ ሲለዩና ሌላ ሰው በደብዳቤ ሲመደብ «ስለ» ይቀርና «ተ/ሥራ አስኪያጅ» ይመጣል። የተጠባባቂው ፊርማ በራሱ የቆመ በመሆኑ ደብዳቤው እንደ መጀመሪያው መንገድ ይያዛል። ለአንድ ቀን መንገድ ለሄዱ ሰው ግን ተጠባባቂ አይባልም።

ስካን የተደረገ ፊርማ መለጠፍ የቀለለ ሊመስል ይችላል። በእኔ እምነት አርቃቂው ይህንን በፍጹም መቀበል የለበትም። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ቢፈቅዱም እንኳ ፊርማው በየትኛው ወረቀት ላይ እንዲያርፍ እንደፈቀዱ ኋላ የሚያሳይ ነገር አይኖርም፤ ጣት የሚቀሰረውም ፋይሉን በያዘው ሰው ላይ ነው።

ጸሐፊዋ በራሷ ስም የምትጽፈው

ይህ ሦስተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ሲውል አያለሁ፤ በቦታው ሲውል ግን ከሁሉም የሚመች ነው። የስብሰባ ቀን ለማሸጋገር፣ ሰነድ ለመላክ፣ ደብዳቤ መድረሱን ለማረጋገጥ፣ የቀጠሮ ሰዓት ለማሳወቅ የሥራ አስኪያጁን ፊርማ መጠበቅ አያስፈልግም። «የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ላይ በጽሕፈት ቤታቸው ሊያነጋግሯችሁ ዝግጁ መሆናቸውን እንዳሳውቅ በታዘዝኩት መሠረት ይህንን ጽፌያለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚናገረውም የሚታዘዘውም ማን እንደሆነ ያለ ጥርጥር ያሳያል። ሥራ አስኪያጁ በሦስተኛ ሰው፣ በአክብሮት ይጠራሉ፤ ጸሐፊዋ «እኔ» ትላለች፤ ከፊርማዋ በታችም «የሥራ አስኪያጁ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ» ብላ ማዕረጓን ትጽፋለች።

በዚህ መንገድ የጆንያውን ማስጠንቀቂያ ለማውጣት ብንሞክር ግን ወዲያውኑ ይሰናከላል። «እንዳስጠነቅቅ በታዘዝኩት መሠረት አስጠነቅቃለሁ» የሚል ወረቀት የደረሰው አምራች ጉዳዩን የሚያየው እንደ መልእክት እንጂ እንደ ድርጅቱ ቃል አይደለም።

የቃሉ ክብደት

በመንገዱ ምርጫ ልክ የመጨረሻው አንቀጽ ማሰሪያ ግሥም ይመረጣል። «እንጠይቃለን» ተቀባዩ እምቢ ለማለት መብት ባለው ነገር ላይ ይውላል። «እናሳውቃለን» መልስ አይጠብቅም። «እናሳስባለን» ተቀባዩ የገባውን ግዴታ ማስታወስ ሲሆን፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት ለሚጻፍ ደብዳቤ የተመቸ ነው፤ በምሳሌያችን ጥር 15 ቀን ላይ ብንጽፍ ኖሮ የምንመርጠው እርሱን ነበር። «እናስጠነቅቃለን» ከኋላው የሚከተል ነገር ስለሚኖር፣ የሚከተለውን ለማድረግ ሥልጣን ያለው ሰው ብቻ ይፈርምበታል። በጸሐፊዋ ደብዳቤ ውስጥ ከ«አሳውቃለሁ» ያለፈ ግሥ ባይገባ እመርጣለሁ።

ክብደቱን ከሚያፈርሱት ሁሉ እጅግ የተለመደው በማስጠንቀቂያ ላይ «ስለምታደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» የሚለውን መጨመር ነው። ከቆየ ፋይል የሚቀዳ ሰው ሳያስበው ይከተለዋል። ውል የገባ ሰው ጆንያውን ሲያስረክብ አይተባበርም፤ ግዴታውን ይወጣል። ምስጋናው ለትብብር ጥያቄ፣ ለምሳሌ ለጉብኝት ፈቃድ ወይም ለመረጃ ጥያቄ ደብዳቤ ይቀመጥ። መዝጊያውም እንዲሁ ነው፦ «ከሰላምታ ጋር» ለሁሉም የሚሆን ሲሆን፣ «ከከፍተኛ አክብሮት ጋር» ለማዕረግ ላለው ግለሰብ ወይም ለትብብር ጥያቄ ሲጻፍ ያምራል፤ በማስጠንቀቂያ ሥር ግን ሁለት ፊት ያሳያል።

ተቀባዩን መጥሪያም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ይሁን። ደብዳቤው ለድርጅት ከተጻፈ «ድርጅታችሁ» እና «እንድታስረክቡን»፣ ለአንድ ሥራ አስኪያጅ በስማቸው ከተጻፈ «እርስዎ» እና «እንዲያስረክቡን» ይባላል። በአንድ አንቀጽ «ድርጅትዎ» ብሎ በሚቀጥለው «ልካችሁልናል» ማለት ከሁለት ፋይል መገልበጡን ያጋልጣል። የራሳችንም ነገር እንዲሁ ነው፤ በ«ድርጅታችን» ተጀምሮ በ«አስጠነቅቃለሁ» የሚያልቅ ደብዳቤ ፈራሚውን በመሐል ይቀይረዋል።

አቀማመጡ

በሦስቱም መንገዶች ቁጥርና ቀን በቀኝ በኩል ከድርጅቱ ራስጌ በታች፣ ተቀባዩ በግራ፣ ከተማው ከተቀባዩ ሥር ተሰምሮበት፣ ጉዳዩ በመሐል ይቀመጣል። በግራ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል መተው ይበጃል፤ ወረቀቱ ተበስቶ ፋይል ሲገባ የመስመሮቹ መጀመሪያ እንዳይጠፋ። ጉዳዩ የሚለው መስመር አንድ ነገር ብቻ ይናገር፤ «ጉዳዩ፡- ስለ ጆንያ ርክክብ ይመለከታል» ስህተት ነው፤ ወይ «ስለ ጆንያ ርክክብ» ወይ «የጆንያ ርክክብን ይመለከታል» ነው የሚባለው። እኔ ቁጥሩን እዚያው አስገባለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ ፋይሉን የሚያገላብጥ ሰው ደብዳቤውን ሳያነብ የትኛው እንደሆነ ይለየዋል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚላክ ከሆነ ሌላ ነገር ይጨመራል። አዳማ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ያለች በመሆኗ የከተማዋ ጽሕፈት ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ስለዚህ ለእነርሱ የሚሄደውን ቋንቋውን በሚገባ በሚያውቅ ሰው ማስረቀቅ ተገቢ ነው። የጆንያው ደብዳቤ ግን በሁለት የግል ድርጅቶች መካከል ያለ ስለሆነ ውሉ በተጻፈበት ቋንቋ መጻፉ ይመረጣል፤ «ርክክብ» የሚለው ቃል በውሉም በደብዳቤውም አንድ ዓይነት ትርጉም እንዲይዝ።

ሰኞ ጠዋት ምን ይደረግ?

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሥራ አስኪያጁ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ አምራቹም እዚያው ነው። በፈጣኑ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ ርቀት «ስለ» የሚለውን መንገድ መምረጥ አያስፈልግም። አርቃቂው ደብዳቤውን በሁለት ዋና ቅጂ አትሞ፣ የወጪ ቁጥር ከመዝገብ አስሰጥቶ፣ በቀሪው ቅጂ ጥግ ላይ ፓራፉን አድርጎ፣ በድርጅቱ ሾፌር እጅ ይልከዋል፤ ሥራ አስኪያጁ አንብበው ይፈርማሉ። ማኅተሙ ከአዳማ የማይወጣ ከሆነ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የጽሑፍ ውክልና ያለው የፋይናንስና አስተዳደር ኃላፊው «ስለ ሥራ አስኪያጁ» ብሎ ይፈርማል፣ ማኅተሙም የፊርማውን ጫፍ እንዲነካ ሆኖ ይመታል።

ደብዳቤው በኢሜይል ጭምር የሚላክ ከሆነ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት ስካን ከተደረገ በኋላ በፒዲኤፍ ይሁን፤ በቆየ የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ የዎርድ ፋይል ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ወረቀቱን የሚያደርሰው ሰው ደግሞ ቀሪውን ይዞ ይሄዳል፤ ከአምራቹ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን፣ የተቀባዩን ሙሉ ስምና ፊርማ በዚያው ላይ ያስጽፋል። ተቀባዩ አልፈርምም ካለ ያደረሰው ሰው ሰዓቱንና አብሮት የነበረውን ሰው ስም በቀሪው ጀርባ ላይ እዚያው እያለ ይጽፋል። የካቲት 14 ቀን ከ11፡30 በኋላ ጆንያው ባይመጣ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ቀሪ ነው።